ሱፍ ሲሉት ዘይት የሚያመጣው ፍለጋ፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ሱቅ ጉዳይ

## ሱቁ

ሱቁ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። ስሙን አልጠራም። ዋና ሥራው ከመንዝ የሚመጣ የበግ ፀጉር ውጤት ነው፤ በርኖስ፣ ዝተት፣ ስጋጃ። ከዚያ ጋቢው፣ ነጠላው፣ ብርድ ልብሱ ይከተላል። በኋላ ደግሞ ደንበኛ እየጠየቀ በሶ፣ ቆሎ፣ ማር፣ የበቆሎ ዱቄትና የምግብ ዘይት ተጨመረበት። ድረ ገጹ ላይ አሁን ሺህ ከምናምን ዕቃ አለ። ገዢው አብዛኛው አዲስ አበባ ነው፣ ውጭ አገር ሆኖ ለቤተሰብ የሚያዝም አለ።

የዕቃውን መግለጫ የሚጽፈው አቅራቢው ራሱ ነው። አንዱ በአንድ መስመር ይገላገላል፣ ሌላው ግማሽ ገጽ ይጽፍና የዕቃውን ስም አሥር ጊዜ ይደጋግመዋል። ፊደሉም እንደጻፊው ነው። «የሀገር ባህል»፣ «የሃገር ባሕል»፣ «የአገር ባህል» ሁሉም አሉ።

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፣ ስሪት 15። ሰርቨሩ ትንሽ ነው፣ ሁለት ጊጋ ራም። ስለዚህ እንደ ኢላስቲክሰርች ያለ ለብቻው የሚሮጥ የፍለጋ ሞተር ማምጣት ገና ከመጀመሪያው ተተወ። ለሺህ ዕቃ ብሎ ሌላ ሰርቨር መከራየት፣ ከዚያ ሁለቱ ዳታ እንዳይለያይ ቀን ከሌት መጠበቅ፣ አያዋጣም። ፖስትግሬስ ውስጥ ያለው ፉል ቴክስት ሰርች ይበቃል ብለን ተነሣን። ይበቃልም፤ ግን አማርኛን አያውቅም፣ ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

## ችግሩ

የሱቁ ባለቤት ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ሱፍ ብዬ ስጽፍ ዘይት ያመጣብኛል እኮ! እኔ የምሸጠው ብርድ ልብስ ነው ዘይት?»

እውነታቸውን ነው። የድሮው ፍለጋ ይሄ ነበር፦

```sql
SELECT * FROM products
WHERE title ILIKE '%ሱፍ%' OR body ILIKE '%ሱፍ%'
ORDER BY created_at DESC;
```

ይሄ «ሱፍ» የሚሉት ሁለት ፊደሎች የትም ይሁኑ የት ካሉ ያመጣል፣ ከዚያ አዲስ የገባውን ከላይ ያደርጋል። በዚያ ሰሞን የገባው የሱፍ ዘይት ነበር። ከሥሩ «ሱፍ የሌለበት» ተብሎ የተገለጸ የፖሊስተር ብርድ ልብስ መጣ። እውነተኛው የሱፍ ብርድ ልብስ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው። እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል?

## መጀመሪያ የተሞከረው፣ የባሰውም

ፖስትግሬስ ለብዙ ቋንቋ የተዘጋጀ ቃል ቆራጭ አለው፤ እንግሊዝኛ፣ ዐረብኛ፣ ሂንዲ፣ ኔፓሊኛ ሳይቀር። አማርኛ የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚመረጠው `simple` የሚባለው ነው። እሱ ቃሉን በክፍተትና በሥርዓተ ነጥብ ይለያል፣ ትንንሽ ፊደል ያደርጋል፣ በቃ። ለፍለጋ የሚሆነው አምድ ተሠራ፣ ፍለጋ የሚያፈጥነው የጂን ኢንዴክስ ተጨመረ፣ ፍለጋው በረረ። ውጤቱ ግን ከድሮው ባሰ። «ሱፍ» ሲባል ሦስት ዕቃ ብቻ መጣ።

ምክንያቱን ለማየት አንድ መግለጫ ብቻ ማስገባት ይበቃል፦

```sql
SELECT to_tsvector('simple', 'የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከበግ ፀጉር።');
-- 'ልብስ፣':3 'ብርድ':2 'ከበግ':4 'የሱፍ':1 'ፀጉር።':5
```

እስቲ ይሄን መስመር ቀስ ብላችሁ እዩት። «ሱፍ» የሚል ቃል የለም፣ «የሱፍ» ነው ያለው። «በግ» የለም፣ «ከበግ» ነው። `ILIKE` በደፈናው ስለሚፈልግ ቅጥያው አይቸግረውም ነበር፤ ፉል ቴክስት ግን ቃል ከቃል እኩል ካልሆነ ዞር ብሎም አያይም። ከዚህ በላይ የሚገርመው ደግሞ ነጠላ ሰረዙና አራት ነጥቡ ከቃሉ ጋር ተጣብቀው መቅረታቸው ነው። «ፀጉር» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ፀጉር።» የሚለውን አያገኝም።

የሥርዓተ ነጥቡ መጣበቅ የመጣው ከዳታቤዙ ሎኬል፣ ማለትም ከቋንቋና ከፊደል ቅንብሩ ነው። ዳታቤዙ ሲፈጠር `LC_CTYPE` የሚለው `C` ተብሎ ተቀምጧል። በዚያ ሎኬል ፖስትግሬስ ከአስኪ ውጭ ያለውን ምልክት ሁሉ ፊደል ነው ብሎ ይቆጥራል፣ አራት ነጥብንም ጭምር። የእናንተ ምን እንደሆነ በ `SHOW lc_ctype;` ይታያል፤ ይህ በማይሠራባቸው አዳዲስ ስሪቶች ላይ `\l` ብላችሁ ተመልከቱት። የኛን በ `C.UTF-8` አዲስ ዳታቤዝ ፈጥረን ዳታውን አዛወርን። ግን ነገ ሌላ ሰው ሌላ ሰርቨር ላይ ሲጭነው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ነጥቦቹን ራሳችን ማጽዳቱንም አልተውንም።

## ፊደሉን አንድ ማድረግ

ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ ማምጣት፣ ሥርዓተ ነጥቡን ወደ ክፍተት መቀየር።

```sql
CREATE FUNCTION am_norm(t text) RETURNS text
LANGUAGE sql IMMUTABLE AS $$
  SELECT translate(translate(lower(t),
    'ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣ',
    'ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአ'),
    '፡።፣፤፥', repeat(' ', 5))
$$;
```

`repeat(' ', 5)` ለምን እንደገባ ልንገራችሁ። `translate` ሁለተኛው ዝርዝር ካጠረበት ትርፍ ሆነው የቀሩትን ፊደሎች ያጠፋቸዋል። ክፍተቶቹን በእጅ ጽፋችሁ ኤዲተራችሁ የተከታተሉ ክፍተቶችን ወደ አንድ የሚያሳጥር ከሆነ ወይም የሆነ ሰው አንዷን ከሰረዘ «ጋቢ፣ነጠላ» ሄዶ «ጋቢነጠላ» ይሆናል። ስህተትም አያሳይም፤ ዝም ብሎ ፍለጋው አያገኝም።

ፋንክሽኑ በሁለቱም በኩል መግባት አለበት፣ ዕቃው ሲመዘገብም ደንበኛው ሲፈልግም። በዕቃው በኩል ብቻ ከገባ «ፀጉር» ያለው ሰው «ጸጉር»ን መቼም አያገኘውም። ለዓይን የሚታየው መግለጫ እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚቀየረው ለፍለጋ የሚሆነው ቅጂ ብቻ ነው። አቅራቢ ፊደሉ ሲነካበት ይቆጣል፣ ልክም ነው።

«ሀገር»ና «አገር» በዚህ አይፈቱም። ሀን ከአ ጋር ማዋሃድ ብዙ ሌላ ቃል ያበላሻል፤ እንዲህ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ በተለዋጭ ስም ዝርዝር ተያዙ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ በላቲን የሚጽፉትም ገቡ፤ `gabi`፣ `netela`፣ `bernos`።

## በቆሎና ቆሎ

ቅጥያውን ማንሣት ነው ከባዱ። የመጀመሪያው ሐሳብ ቃሉ በ«የ»፣ በ«በ»፣ በ«ለ» ወይም በ«ከ» ከጀመረ ቁረጠው የሚል ነበር። ይሄ «የሱፍ»ን «ሱፍ» ያደርጋል። ግን «በርኖስ»ንም «ርኖስ»፣ «በሶ»ንም «ሶ»፣ «ለምድ»ንም «ምድ» ያደርጋል። የሱቁ ዋና ዕቃ በ«በ» ነው የሚጀምረው!

ሁለተኛው ሐሳብ የሚተርፈው ቃል ሱቁ የሚያውቀው ከሆነ ብቻ ቁረጥ የሚል ሆነ። «ርኖስ» የሚባል ነገር የለምና «በርኖስ» ይድናል። ይሄ ብዙውን አስተካከለው። ከዚያ ቆሎ የፈለገ ደንበኛ የበቆሎ ዱቄት መጣለት። «የበቆሎ» ሲቆረጥ «በቆሎ»፣ እሱም ሲቆረጥ «ቆሎ»፣ ቆሎ ደግሞ ሱቁ ውስጥ አለ። በደንቡ መሠረት ማሽኑ ልክ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነበር። መጀመሪያ ቃሉን ራሱን እንዳለ ሱቁ በሚያውቃቸው ቃላት ዝርዝር ውስጥ ፈልግ፤ ካለ አትንካው። ከሌለ ብቻ አንድ ፊደል ከፊቱ አንሣና እንደገና ፈልግ።

```python
def stem(w, vocab):
    x = w
    while x and x not in vocab:
        if x[0] not in 'የበለከ':
            return w
        x = x[1:]
    return x or w
```

«የበቆሎ» ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ የ ትነሣለች፤ «በቆሎ» አለ፣ እዚያው ይቆማል። «ከበግ» ወደ «በግ» መጥቶ ይቆማል። የማያውቀው ቃል ከመጣ ሳይነካው ይመልሰዋል። «ቆሎ ይዞ» ለማለት «በቆሎ» የሚል መግለጫ ቢኖር ይሳሳታል፤ ይሄን ዐውቀን ተውነው።

ሁሉም የተንጠለጠለው ዝርዝሩ ላይ ነው። እሱን ያዘጋጁት የሱቁ ልጆች ናቸው። ከዕቃ ስሞች ውስጥ ያሉትን ቃላት በሙሉ በኤክሴል አወጣንላቸው፣ እነሱ «የሱፍ» «ለአልጋ» የሚሉትን ቅጥያ ያላቸውን እየሰረዙ ንጹሑን ስም አስቀሩ። ጥቂት መቶ ቃል ነው። አንድ «የሱፍ» በስህተት ከተረሳ ግን «የሱፍ» እንዳለ ይቀራልና ያ ዕቃ ከ«ሱፍ» ፍለጋ ይጠፋል። ስለዚህ ከዝርዝሩ በ«የ» የሚጀምሩትን ለይቶ ዳግመኛ ማየት ይጠቅማል።

የብዙ ቁጥሩም በዚሁ ዘዴ ሄደ። «ጋቢዎች» ላይ «ዎች» ይወድቃል። «ልብሶች» ላይ ግን «ች» ከወደቀ የሚቀረው «ልብሶ» ነው፣ ሶን ወደ ስ መመለስ ያስፈልጋል። ይሄ የሚመስለውን ያህል አያስቸግርም። ዩኒኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል በስምንት ስምንት ረድፍ ስለተደረደረ ሳድሱ ከሳብዑ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያንሰው፤ ስ `U+1235`፣ ሶ `U+1236`። አንድ ቀንሶ ዝርዝሩ ውስጥ መፈለግ ነው።

ይህን ሁሉ ፖስትግሬስ በራሱ በሚሞላው አምድ ውስጥ መክተት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ አምድ ሌላ ሰንጠረዥ ማየት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ዕቃው ሲመዘገብ ፕሮግራሙ ጽሑፉን አዘጋጅቶ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ዝርዝሩ ሲቀየር ሁሉንም ዕቃ እንደገና ማስኬድ ግድ ነው።

## ብርድ ልብስ ልብስ አይደለም

«ልብስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቀሚስ፣ ጥበብ፣ ነጠላ ነው የሚፈልገው። የሚመጣለት ግን ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ ነበር፣ ሁለቱም ስማቸው ላይ «ልብስ» አለና። በዚያ ላይ ግማሹ ሰው «ብርድልብስ» ብሎ አጣብቆ ይጽፋል።

ሁለቱም በአንድ ዘዴ ተፈቱ። እንደ አንድ ስም የሚቆጠሩ ጥንዶች ትንሽ ዝርዝር ወጣ፤ ብርድ ልብስ፣ አልጋ ልብስ፣ ዳቦ ቆሎ። እነዚህ ጎን ለጎን ሲገኙ ተጣብቀው አንድ ቃል ይሆናሉ፣ በዕቃውም በፍለጋውም። አሁን «ብርድ ልብስ»ም «ብርድልብስ»ም አንድ ናቸው፤ «ልብስ» ብቻ የሚለው ደግሞ ብርድ ልብስን አያመጣም። «ቆሎ» ያለም ዳቦ ቆሎ አይመጣበትም። ማጣበቁ ቅጥያው ከተነሣ በኋላ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ «የብርድ ልብሶች» ያመልጠዋል።

## ደረጃ አሰጣጡ

እዚህ ድረስ የተሠራው ትክክለኛው ዕቃ እንዲገኝ ነው። የትኛው ይቅደም የሚለው `ts_rank` የሚመልሰው ነው። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ቃል ከኤ እስከ ዲ ምልክት ያስይዛል፤ ካልነገሩት ሁሉም ዲ ነው። ክብደታቸው ኤ 1.0፣ ቢ 0.4፣ ሲ 0.2፣ ዲ 0.1 ነው።

ምልክት ሳንሰጥ የሆነውን እንይ። አንድ ጋቢ ስሙ ላይ «ጋቢ» አንድ ጊዜ አለው፤ ውጤቱ 0.061 አካባቢ። ሌላ ዕቃ ነጠላ ነው፣ ግን መግለጫው ላይ «ከጋቢ ይሻላል፣ እንደ ጋቢ ይሞቃል» እያለ ጋቢን አሥር ጊዜ ያነሣል፤ ውጤቱ 0.094። ነጠላው ጋቢውን በለጠው። ብዙ ያወራ አሸነፈ ማለት ነው።

ከዚያ ስሙን ኤ፣ ተለዋጭ ስሙን ቢ፣ መግለጫውን ዲ አደረግነው። አሁን ስሙ ላይ አንድ ጊዜ ያለው 0.608 ያገኛል። መግለጫው ላይ የተደጋገመው ደግሞ ለአንድ ቃል ፍለጋ ምንም ያህል ቢደጋገም ከ0.1 አያልፍም። ሁለተኛው ድግግሞሽ በአራት፣ ሦስተኛው በዘጠኝ እየተካፈለ ስለሚደመር ነው። «ሱፍ የሌለበት» የሚለው ብርድ ልብስም በዚሁ ወደ ታች ወረደ። ፖስትግሬስ «የሌለበት»ን ስለተረዳ አይደለም፣ መግለጫ ላይ ስለሆነ ብቻ።

```sql
SELECT id, title, ts_rank(fts, q) AS r
FROM products, plainto_tsquery('simple', 'ሱፍ') AS q
WHERE fts @@ q
ORDER BY r DESC, sold_recent DESC
LIMIT 20;
```

አንድ ነገር ተሞክሮ ተጣለ። `ts_rank` ላይ የጽሑፍ ርዝመትን የሚያካክስ ቁጥር መጨመር ይቻላል፤ ረጅም ጽሑፍ እንዳያሸንፍ ተብሎ በብዙ መመሪያ ላይ ይመከራል። ስንጨምረው የሱፍ ዘይቱ ተመልሶ አናት ላይ ወጣ። ዘይት ምን መግለጫ አለው? «የሱፍ ዘይት፣ 5 ሊትር» ነው። አጭር ስለሆነ ተሸለመ። ድግግሞሹን ክብደቱ ይዞታልና ርዝመቱን ማካካስ አላስፈለገም፣ ወጣ።

ያለ እሱ ዘይቱም ብርድ ልብሱም እኩል 0.608 ናቸው፣ ሁለቱም ስማቸው ላይ ሱፍ አለ። እዚህ ላይ ደረጃ የሚሰጥ ቀመር ምንም አያደርግም፤ ሰውየው የትኛውን ሱፍ እንደፈለገ ቃሉ አይናገርም። ስለዚህ እኩል ሲሆኑ በቅርብ ጊዜ የበለጠ የተሸጠው ይቀድማል፣ ከውጤቱ በላይ ደግሞ «አልባሳት» እና «ምግብ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይወጣሉ። በዚህ ሱቅ ብርድ ልብሱ ይቀድማል። ባለቤቷም አሁን ተረጋግተዋል።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ `ts_rank` አንድ ቃል በጠቅላላው ዳታ ውስጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አያይም። «ጥራት» እና «ደብረ ብርሃን» የሌለበት መግለጫ የለም፣ ግን ከ«በርኖስ» እኩል ይቆጠራሉ። እነዚህን ሰብስበን ኢንዴክስ ሳይደረጉ እንዲቀሩ አደረግን፣ ከፍለጋውም ይወጣሉ።

ደንበኛው ብዙ ቃል ሲጽፍ ደግሞ `plainto_tsquery` ሁሉም ይገኙ ይላል፤ አምስት ቃል ከሆነ ብዙ ጊዜ ባዶ ይመጣል። ባዶ ሲሆን ብቻ `&` የሚለውን በ `|` ቀይሮ እንደገና ይፈልጋል።

## የፊደል ስህተት

ለተሳሳተ ፊደል ሁሉም የሚመክረው `pg_trgm` ነው፣ ቃሉን በሦስት ሦስት ፊደል ቆራርጦ የሚያነጻጽረው። መጀመሪያ በድሮው `C` ሎኬል `show_trgm('ጋቢ')` ባዶ `{}` መለሰ፤ አማርኛውን ጨርሶ አላየውም። ሎኬሉ ሲስተካከል ማየት ጀመረ፣ ግን ለአጭር ቃል አይሆንም።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ይታያል። `gabi`ን በ`gab` ብንጽፈው ሦስት ቁራጭ ይጋራሉ፣ በጠቅላላ ስድስት አሉ፣ ተመሳሳይነቱ 0.5። «ጋቢ»ን «ጋብ» ብንለው ግን የሚጋሩት አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፣ ከአምስት፤ 0.2 ማለት ነው። መነሻ ወሰኑ 0.3 ስለሆነ አያገኘውም። የኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ስለያዘ ቃሉ አጭር ነው፣ አንድ ስህተት ግማሽ ቃሉን ይዞ ይሄዳል። ወሰኑን ወደ 0.2 ዝቅ ማድረግም ተሞከረ፣ ግን በ«ጋ» የሚጀምር ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሁሉ ግር ብሎ መጣ።

የሠራው ሌላ ነው። ሁሉንም ፊደል ወደ ሳድስ ማውረድ። «ጋቢ»ም «ጋብ»ም «ግብ» ይሆናሉ፤ «ስጋጃ»ም «ሰጋጃ»ም «ስግጅ»። ይሄ በሌላ አምድ ተቀምጦ መደበኛው ፍለጋ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ብቻ ይጠራል። ሁልጊዜ ቢጠራ ጉድ ነው፤ «ሱፍ»ና «ሶፋ» ሁለቱም «ስፍ» ናቸው።

## እንዴት እንደተለካ

ከሱቁ ልጆች ጋር ሆነን ደንበኞች የጻፏቸውን አርባ ያህል ፍለጋዎች ከመዝገቡ አወጣን፣ ለእያንዳንዱ የትኛው ዕቃ ከላይ አምስቱ ውስጥ መኖር እንዳለበት እነሱ ወሰኑ። ከዚያ አንድ ነገር በተቀየረ ቁጥር አርባውም ይሮጣሉ። የርዝመት ማካካሻው ዘይቱን እንዳወጣው የታየው በዚህ ነው፤ በዓይን ቢሆን ያልፈን ነበር፣ «ጋቢ» ላይ የተሻለ ስለመሰለ።

ባዶ የወጣ ፍለጋም ለብቻው ይመዘገባል። ይሄ ከፍለጋ ሥራም አልፎ ጠቀመ። «ቡልኮ» የሚል ቃል በተደጋጋሚ መጣ፣ ሱቁ ቡልኮ የለውም። ልጆቹ በተለዋጭ ስም ጋቢን እናምጣለት አሉ፣ ባለቤቷ ግን ቡልኮ ሌላ ነው ብለው እምቢ አሉና አቅራቢ መፈለግ ጀመሩ።

## ለሌላ ሱቅ የሚሄደውና የማይሄደው

ፊደል ማዋሃዱና ቃሉን ከመቁረጥ በፊት ሙሉውን መፈለጉ የትም ይሄዳል። ሎኬሉን ደግሞ ዳታ ከመግባቱ በፊት እዩት፣ በኋላ ማዛወር ነው። የቃል ዝርዝሩና የጥንዶቹ ዝርዝር ግን አይቀዱም። መድኃኒት ወይም የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰው የራሱን በቆሎና ቆሎ ያገኛል፣ እነሱን የሚያውቃቸው ባንኮኒው ላይ የቆመው ሰው ነው። ዕቃው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ከሆነም ዝርዝሩን በእጅ መያዝ አይቻልም፣ ያኔ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል።

እስካሁን ያልተፈታ አለ። ደንበኛ «ለብርድ የሚሆን ነገር» ብሎ ይጽፋል፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። ብርድ ልብስ ተጣብቆ አንድ ቃል ስለሆነ «ብርድ» ብቻውን አያገኘውም፣ በርኖሱም መግለጫው ላይ ብርድ የሚል ላይኖረው ይችላል። ለጊዜው «ብርድ» የሚለው ቃል በእጅ በርኖስ፣ ጋቢ፣ ዝተትና ብርድ ልብስ ተለዋጭ ስም ውስጥ ገብቷል። አቅራቢው አዲስ ዓይነት የሚሞቅ ዕቃ ሲያስገባ ያንን ቃል ማስገባት ግን ልጆቹ ይረሳሉ።